«ፈሰከች» እና «ገደፈች»፦ የጾም ቃላትን ለማያውቃቸው አንባቢ እንዴት እንተርጉም

ከዓመታት በፊት በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ለአንዲት እናት አስተርጓሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር መወሰድ ነበረበትና «መቼ ነው የሚበሉት?» ብሎ ጠየቀ። እማማም «ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም» አሉ። እኔም ቃል በቃል አስተላለፍኩት። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው። ጠዋት በዘጠኝ ሰዓት ቁርስ የሚበሉ መስሎት መድኃኒቱን ጠዋት አዘዘላቸው።

ስህተቱን ያየሁት ወረቀቱ ሲጻፍ ነው። የእማማ ዘጠኝ ሰዓት በሐኪሙ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ «ጾም» ስል ሐኪሙ የሰማው «ምንም አለመብላት» ብቻ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ሥጋና ወተት እንደማይነኩ አልገባውም። እሱ ግን «በወተት ይውሰዱት» ሊል ነበር። አርመን ተለያየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የጾም ቃል ሲያጋጥመኝ እንደ ሌላ ቃል አልሮጥበትም።

እዚህ የማሳያችሁ የምሠራበትን መንገድ ነው። ምሳሌዎቼ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቃላት ናቸው። ተርጓሚ በጣም የሚሳሳተው እነሱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ይመስላሉ። የምንሠራበትን አንቀጽ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ የአንድ ሰው የልጅነት ትዝታ ነው እንበል፦

«እናቴ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳትገድፍ ጾመች። ዓርብና ቅዳሜን አከፈለች። ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለስ በዶሮ ፈሰከች። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንኳ ያቅተኝ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ በፍስኩም ወራት ጾማችንን ያደርንባቸው ቀናት ነበሩ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኛ ስናነበው አንዴም አንደናቀፍም። ከባህሉ ውጭ ላለ አንባቢ ግን በየመስመሩ ጉድጓድ አለው።

አንደኛ፦ ቃሉ ስለ ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም?

መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት «ጾም» ያለበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ እያንዳንዱን «ይህ ሰው በእምነቱ ምክንያት ነው ያልበላው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በአማርኛ «ልጆቹ ጾማቸውን አደሩ» ስንል ስለ ቤተ ክርስቲያን አናወራም። የሚበላ ጠፍቶ ሳይበሉ ተኙ ማለታችን ነው። ያልታረሰ መሬትም «ጦሙን አደረ» ይባላል። እነዚህን «በጾም አሳለፉ» ብሎ የተረጎመ ሰው ረሃብን ወደ ጸሎት ለውጦታል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። የችግር ታሪክ የመንፈሳዊነት ታሪክ ሆኖ ይነበባል።

ተቃራኒውም አለ። ላቦራቶሪዎች ለደም ምርመራ «ጾም ሆነው ይምጡ» የሚል ወረቀት ይሰጣሉ። ከሌላ ቋንቋ ወደ አማርኛ የገባ አባባል ነው። ሁዳዴን የሚጾም ሰው ይህን አንብቦ ሽሮ በልቶ ቢመጣ አልተሳሳተም፤ በእሱ ቋንቋ ጾም ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚሻለው «ምንም ሳይበሉ ይምጡ» ነው።

የእኛ አንቀጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ምልክት አድርጉበት። እሱ ጾም አይደለም፤ ረሃብ ነው። ግን ቀላል ረሃብም አይደለም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱን ቃል በሦስት ጥያቄ አስቀምጡት

ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ይናገራል። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ሰዓት እና የምግብ ዓይነት። አንድ ሰው የሚጾመው እስከ ስንት ሰዓት ሳይበላ በመቆየት ነው፤ ሲበላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በመተው ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሁዳዴ ውስጥ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ሰው በጠዋት ይበላል፤ ሥጋና ወተት ግን እንደተከለከሉ ናቸው። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ብቻ ከዚህ ትለያለች።

እኔ ሦስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ሰው ድርጊቱን እንዴት ያየዋል? ክብር ነው፣ ግዴታ ነው፣ ወይስ ነውር? ይህ ብዙ ጊዜ ተርጓሚ የሚጥለው ነው። ቃላቱ ግን በእሱ የተሞሉ ናቸው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል በራሳችሁ አንደበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሰዓት፣ ምግብ፣ የሰው ዓይን። የእኛ አንቀጽ ላይ እንዲህ ይወጣል።

ሁዳዴ የዐቢይ ጾም የሕዝብ ስሙ ነው። ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ይጾማል። ዋናው ጾም ነው፤ ሌላውን የማይጾም እንኳ ይህን ይጾማል ብሎ ሰው ይጠብቃል።

መግደፍ ጾም እያለ የተከለከለውን መብላት ነው። ነቀፋ አለበት። «ግድፈት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ነው፤ የታለፈ፣ የተጣለ፣ የጎደለ ነገር።

ማክፈል ከስቅለት ዓርብ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። ከሐሙስ የሚጀምሩም አሉ። አቅም ያለው ብቻ ያደርገዋል፤ ያደረገውን ሰው ያከብረዋል። ከ«መክፈል» እና ከ«ማካፈል» ጋር መምታታት የለበትም። አማርኛን በትምህርት የለመደ ተርጓሚ «ዓርብና ቅዳሜን አከፈለች» የሚለውን የገንዘብ ነገር አድርጎ ሲያነበው አይቻለሁ።

መፈሰክ ጾሙ ካለቀ በኋላ የፍስክ ምግብ መብላት ነው። ቃሉ የፋሲካ ዘመድ ነው። ደስታ አለበት።

ፍስክ ጾም ያልሆነ ቀን ወይም በጾም የማይበላ ምግብ ነው። አንድ ቃል ለቀንም ለምግብም ይሆናል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ማየት አለባችሁ። እኛ ጋ «በፍስኩም ወራት» ስለሚል ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፦ በሌላው ቋንቋ ያለውን ቃል ፈትኑት

አሁን ወደ ምትተረጉሙበት ቋንቋ እንሂድ። እንግሊዝኛ እንበል። ዝግጁ የሚመስል ቃል ይመጣል። ወዲያው አትቀበሉት። «ይህ ቃል ያልተባለ ነገር ይጨምራል ወይ? የተባለውን ይጥላል ወይ?» በሉ።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ለመግደፍና ለመፈሰክ የሚሰጠው ትርጉም ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ጾምን መስበር» በሚል አንድ አባባል ይገለገላል። ሙስሊሞች በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ማፍጠራቸውም በዚያው ይጠራል። እኛ ግን ሦስቱን ለይተን እናውቃቸዋለን። የገደፈ ጥፋት ሠርቷል። የፈሰከ ጾሙን ጨርሷል። ያፈጠረ የዕለቱን ጾም በሰዓቱ ፈጽሟል፤ ነገ ደግሞ ይጾማል።

አሁን የእኛን አንቀጽ በዚያ አንድ አባባል ተርጉማችሁ አስቡት። «እናቴ አንድም ቀን ጾሟን አልሰበረችም... ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለስ በዶሮ ጾሟን ሰበረች።» ባህሉን የማያውቅ አንባቢ ምን ይረዳል? እስከ መጨረሻው ድረስ ጸንታ፣ መጨረሻ ላይ ዶሮ አሸነፋት። የድል ሌሊት የውድቀት ሌሊት ሆነ። ቃሉ ስህተት የለበትም፤ መዝገበ ቃላትም ይደግፈዋል። ታሪኩ ግን ተገለበጠ።

መፍትሔው ሁለቱን በተለያየ ቃል መያዝ ነው። ለመግደፍ «ሳታጓድል»፣ «ሳትስት» የሚል ስሜት ያለውን ውሰዱ። ለመፈሰክ ደግሞ መጀመሪያ ጾሙ ማለቁን ተናገሩ፤ መብላቷን አስከትሉ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ማብራሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና «ሌንት» ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ከፋሲካ በፊት የሚጾሙት ጾም ነው። ለሁዳዴ ብዙ ሰው እሱን ይጽፋል። ለጋዜጣ አጭር ዜና ይበቃ ይሆናል። ለትዝታ ጽሑፍ ግን ሌላ ሥዕል ይዞ ይመጣል። የእነሱ ረቡዕ ይጀምራል፤ እሑዶቹ ሳይቆጠሩ 40 ቀን ነው። ብዙዎቹም አንድ የሚወዱትን ነገር መርጠው ይተዋሉ፤ ቸኮሌት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የመጣ አንባቢ «እናቴ ሌንትን ጾመች» የሚለውን ሲያነብ ቸኮሌት የተወች እናት ነው የሚያየው።

ቀኑም አይገጥምም። በ2018 ዓ.ም. የእኛ ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9 ገባ። የእነሱ በዚያው ሳምንት ረቡዕ የካቲት 11 ጀመረ። አንድ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። የእነሱ ፋሲካ ግን መጋቢት 27 ዋለ፤ የእኛ ሚያዝያ 4። ተርጓሚው «ሌንት» ብሎ ከጻፈ አንባቢው ጾሙን አንድ ሳምንት ቀድሞ በልቡ ፈትቶታል።

ስለ «ቬጋን» ደግሞ አጭር ልበል። የጾም ምግብን «ቬጋን» ማለት ለምግብ ቤት ዝርዝር ጥሩ ነው። ደንበኛው ማወቅ የሚፈልገው ወተት አለበት ወይ የሚለውን ነውና። «የጾም ማኪያቶ» የሚለውን «የጾም» ብላችሁ ብትተዉት እንግዳው «ካልበሉ እንዴት ይጠጣሉ?» ይላል። ያኔም ቢሆን ተጠንቀቁ። ማር በጾም ይበላል፤ ቬጋን የሆነ ሰው ግን አይበላም። ዓሣ ላይ ደግሞ ምእመኑ ራሱ ይለያያል፤ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። ሰው በሆዱ ወይም በሕሊናው የሚወስንበት ጽሑፍ ከሆነ ምን ምን እንደሌለበት በስሙ ዘርዝሩት። በትዝታና በልቦለድ ውስጥ ግን «ቬጋን» አትጻፉ። ቬጋን የአንድ ሰው የዘወትር ምርጫ ነው። ጾም ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ የሚገባበትና አብሮ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

አራተኛ፦ የትኛው ቃል ይቆይ፣ የትኛው ይፈታ?

አማራጩ ሦስት ነው። የሌላውን ቋንቋ ቃል መጠቀም፣ የእኛን ቃል እንዳለ መያዝ፣ ወይም ቃሉን ጥሎ ነገሩን በግልጽ መናገር። ብዙ ጀማሪ ሁሉንም ቃል እንዳለ ይይዛል። አክብሮት ይመስለዋል። አንባቢው ግን በአንድ ገጽ ሰባት እንግዳ ቃል ሲያይ ገጹን ይዘጋዋል።

እኔ የምይዘው ሚዛን ይህ ነው። ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል? ሦስትና ከዚያ በላይ ከመጣ የእኛን ቃል ያዙ፤ አንባቢው ይማረዋል፤ ሲማረውም ይደሰታል። አንዴ ብቻ ከመጣ ነገሩን በግልጽ ተናገሩና እለፉ። ሰው አንድ ጊዜ ለሚያየው ቃል አእምሮው ውስጥ ቦታ አይለቅም።

በእኛ አንቀጽ ሁዳዴ ስም ነው፤ ትዝታው ሲቀጥልም ይመለሳል። ይቆይ። ማክፈል አንዴ ነው የመጣው፤ ይፈታ። መግደፍና መፈሰክ ግሦች ናቸው፤ ግሥ እንዳለ ተይዞ በሌላ ቋንቋ ሰዋስው ውስጥ ሲገባ ይጎረብጣል። ይፈቱ። ቅዳሴ ላይ አመነታለሁ። «ጸሎት» ካልኩት ያንሳል፤ ማንም ቤቱ ሆኖ የሚጸልየው ይመስላል። የምዕራቡን የቅዳሴ ስም ብሰጠው ደግሞ አንባቢው አጭር የእሑድ ጠዋት ሥርዓት ያስባል። እዚህ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚፈልገው ሌሊት እንደነበረና ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ብቻ ነው። ስለዚህ «የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ» የሚለውን በእነሱ የተለመደ ቃል እሰጥና «ሌሊት» የሚለውን አጎላዋለሁ።

የያዛችሁትን ቃል በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት። ገጽ ሦስት ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ በሌላ ከሆነ አንባቢው ሁለት የተለያየ ጾም ያለ ይመስለዋል። ሁዳዴና ዐቢይ ጾምም እንዲሁ ናቸው። እኛ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አፈራርቀን እንጠራቸዋለን። በትርጉም ውስጥ ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ሂዱበት።

አምስተኛ፦ ማብራሪያውን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡት

ማብራሪያ ስትሰጡ የምትሰጡት ዓረፍተ ነገሩ የሚጠቀምበትን ጎን ብቻ ነው። ከላይ ሦስት ጥያቄ አንስተን ነበር፤ ሰዓት፣ ምግብ፣ የሰው ዓይን። ሦስቱንም በአንዴ አትዘርግፉ። «ሁዳዴን አንድም ቀን ሳትገድፍ» የሚለው ላይ የሚሠራው ርዝመቱና የምግቡ ዓይነት ነው። ስለ ሰዓቱ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ራሱ ያወራል። ሰባቱ አጽዋማት እነማን እንደሆኑ፣ ሳምንቶቹ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና እንዴት እንደሚጠሩ እዚህ አያስፈልግም። እኔም ይህን መተው በጣም ይከብደኛል። የምወደው ነገር ነውና ሁሉንም ልናገር ያምረኛል። ግን አንባቢው ስለ እናትየዋ ሊያነብ ነው የመጣው።

በአንድ ቃል ላይ ከስድስት ሰባት ቃል በላይ ማብራሪያ ካስፈለገ በመጀመሪያ አንድ የሰው ድርጊት ፈልጉ። «ማክፈል ማለት እንዲህ ያለ ሥርዓት ነው» ከማለት «ሁለት ቀን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም» ማለት ይሻላል። የግርጌ ማስታወሻን ለጥናታዊ ጽሑፍ እተወዋለሁ። በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ ዓይን ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ስሜቱ ይቋረጣል።

ንግግር ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ አለ። አያት ለልጅ ልጇ «ነገ ቅበላ ነው» ስትል «ነገ ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋ የምንበላበት የመጨረሻ ቀን ነው» አድርጋችሁ አትተርጉሙባት። ልጁ ያውቀዋል፤ ማንም አያት እንዲህ አትናገርም። ማብራሪያውን ከንግግሩ ውጭ አውጡት። ድስቱ ሲጣድ፣ ሥጋው ሲከተፍ፣ «ከነገ ወዲያ ለሁለት ወር ያህል የማይታይ» ብላችሁ በተራኪው አንደበት አስገቡት።

ሌላም ነገር አለ። ማብራሪያችሁን ከሰውዬው ጋር እሰሩት፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁሉ አዋጅ አታድርጉት። «ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። የሚቆይ አለ፤ እስከ ቀትር የሚቆይ አለ፤ የታመመና ሕፃን አለ። «በእኛ ቤት» ወይም «እናቴ» ካላችሁ ግን እውነት ነው። ማብራሪያም ያጥራል።

ስድስተኛ፦ ሰዓትና ቀን

ይህ አጭር ነው፤ ከረሳችሁት ግን እንደ እኔ በክሊኒክ ውስጥ ታፍራላችሁ። በእኛ ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ የቀን ዘጠኝ ሰዓት በእነሱ ከቀትር በኋላ ሦስት ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ ቀይራችሁ አትተዉት፤ «ከቀትር በኋላ» የሚለውን ጨምሩ። ቀን ሲሆን ደግሞ የጾሙን መግቢያ በየዓመቱ መፈለግ አለባችሁ፤ ሁዳዴ ከፋሲካ ጋር ይንቀሳቀሳል። ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1፣ የገና ጾምም ኅዳር 15 ነው የሚገቡት፤ እነሱ በቀናቸው ይገኛሉ።

ሰባተኛ፦ አንቀጹን እንሥራው

የመጀመሪያ ረቂቄ ይህን ይመስል ነበር። ወደ አማርኛ መልሼ ላሳያችሁ፤ የውጭው አንባቢ የሚያነበው በዚህ መንፈስ ነው፦

«እናቴ ሁዳዴን፣ ማለትም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ከፋሲካ በፊት ለ55 ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡበትን ጾም፣ ሳታቋርጥ ጾመች። ዓርብና ቅዳሜን ማክፈል በሚባለው ሥርዓት መሠረት ሙሉ በሙሉ ከምግብና ከውሃ ታቀበች። ከቅዳሴ ስትመለስ ጾሟን በዶሮ ሰበረች። እኔ እስከ ሦስት ሰዓት መቆየት ያቅተኝ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ጾም ባልሆኑ ወራትም ተርበን የተኛንባቸው ቀናት ነበሩ።»

ሁሉም ትክክል ነው፤ ምንም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። ግን ሕይወት የለውም። «ከእንስሳት ተዋጽኦ መታቀብ» ማንም ስለ እናቱ የማይናገረው ቋንቋ ነው። «በሚባለው ሥርዓት መሠረት» የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። «ሰበረች» ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ትልቁ ጉዳት ግን መጨረሻ ላይ ነው። «ተርበን የተኛንባቸው» ትርጉሙ ልክ ነው። በአንደኛው ደረጃ ላይ ረሃብ ነው ብለን ነበርና። ግን ጸሐፊው ለምን «ጾማችንን ያደርንባቸው» አለ? አንቀጹ በእናት ጾም ጀምሮ በቤተሰብ ረሃብ ያበቃል፤ ሁለቱን የሚያስረው ያው አንድ ቃል ነው። ፈቅደው የሚያደርጉት ነገርና ተገደው የሚወድቁበት ነገር ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህን በተራ ጽሑፍ ውስጥ ባገኘው «ተራቡ» ብዬ አልፍ ነበር። እዚህ ግን ቃሉ መዳን አለበት።

ሁለተኛው ረቂቅ፦

«እናቴ ከፋሲካ በፊት ያሉትን የሁዳዴ 55 ቀናት ጾመች፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ ሳትነካ፣ አንድም ቀን አልሳተችም። የመጨረሻዎቹን ዓርብና ቅዳሜ እንደ ብርቱዎቹ አደረገች፤ እህልም ውሃም ወደ አፏ አልዞረም። ከፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ስትመለስ ጾሙ አብቅቶ ነበር፤ ዶሮዋን በላች። እኔ ግን ከቀትር በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ሳልበላ መቆየት እንኳ ያቅተኝ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ጾም በሌለባቸው ወራትም ሳንወድ የጾምንባቸው ሌሊቶች ነበሩ።»

«እንደ ብርቱዎቹ» የሚለው ማክፈል ውስጥ ያለውን ክብር ተሸክሟል። «ጾሙ አብቅቶ ነበር» ሦስት ቃል ነው፤ እናትየዋን ከጥፋት አወጣት። «ሳንወድ የጾምንባቸው» ደግሞ ረሃቡንም ጾሙንም ይዟል። የጠፋም አለ። «ፈሰከች» ውስጥ ያለው የፋሲካ ድምፅ ጠፍቷል። ፋሲካን ከጎኑ አስቀምጬ ትንሽ መለስኩት እንጂ ሙሉውን አላገኘሁትም። «ማክፈል» የሚለው ስምም የለም። እሱን አውቄ ነው የተውኩት፤ አንዴ ብቻ ነው የመጣው።

ስምንተኛ፦ ለሁለት ሰው አስነብቡት

አንዱ ጾሙን የሚያውቅ ይሁን፣ አንዱ ጭራሽ የማያውቅ። ጥያቄያችሁ ግን የተለያየ ይሁን።

የማያውቀውን «ገባህ?» አትበሉት፤ «አዎ» ነው የሚለው። «እናትየዋ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች? ደስ ብሏታል ወይስ አዝናለች?» በሉት። «ልጁ የሚበላው መቼ ነው? ያኔስ ሥጋ ሊበላ ይችላል?» በሉት። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ብትፈትኑት «ተሸንፋ በላች» የሚል መልስ ቢመጣ አትገረሙ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «አላውቅም» ከሆነ የሰዓቱና የምግቡ ጎን ተምታትቷል ማለት ነው። በእኛ አንቀጽ ልጁ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምን እንደሚበላ አልተነገረም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሥጋና ወተት እንደሌለ ስላለ አንባቢው ይደርስበታል። ካልደረሰበት «ሽሮዬን ሳልበላ» ማለት ይበቃል።

የሚያውቀውን ሰው ደግሞ «ትርጉሙ ልክ ነው?» ሳይሆን «የት ላይ ከፋህ?» በሉት። አንድ ጊዜ ለአንድ ዲያቆን ትርጉሜን አነበብኩላቸው። ስለ ቃላቱ ምንም አላሉም። ግን ስለ ማክፈል የጻፍኩበት ቦታ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ይኼ ቅጣት አስመሰልከው እኮ» አሉኝ። «ራሷን ከለከለች» ብዬ ነበር። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ሰውዬው ግን የክርስቶስን መከራ ለማሰብ በፍቅር የሚደረግን ነገር በሐዘን ቋንቋ ስላነበቡት ከፋቸው። «እንደ ብርቱዎቹ» የሚለውን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።